«200 ካሬ» ሲባል የተለካው የቱ ነው?

ድሬዳዋ ሳቢያን «200 ካሬ፣ ጂ+1፣ ለብቻው ግቢ» የሚል ማስታወቂያ ያየ የአሜሪካ ነዋሪ ቁጥሩን ቶሎ ወደ እስኩዌር ፊት ይመታዋል። አንድ ካሬ ሜትር 10.764 እስኩዌር ፊት ስለሆነ 2,153 ያገኛል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ንጽጽሩ ግን አይሆንም። እዚያ የቤት ማስታወቂያ ላይ የሚሰፍረው እስኩዌር ፊት በአብዛኛው የሚኖርበት ወለል ነው። እዚህ ለግቢ ቤት የሚነገረው ካሬ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ያለው ቦታ ነው።

ቦታው 10 በ20 ሜትር ነው እንበል። ቤቱ 9 በ10 ላይ ቢያርፍ አንዱ ወለል 90 ካሬ፣ ምድሩና ፎቁ ተደምረው 180 ካሬ፣ ማለትም 1,938 እስኩዌር ፊት ይሆናሉ። በዚያው ቦታ ላይ ባለ አንድ ወለል ቪላ ቢሆን ኖሮ 969 ብቻ ነበር። ማስታወቂያው ግን በሁለቱም ላይ «200 ካሬ» ይላል። ስለዚህ ደላላውን ሁለት ቁጥር ለየብቻ ጠይቁት፤ በካርታው ላይ የተጻፈውን የይዞታ ስፋትና የአንዱን ወለል ስፋት። ሰርቪስ ቤቱን ደምሮ ከሆነ ይለይላችሁ።

አፓርታማ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የሚነገረው ካሬ የቤቱ ነው፤ ግን ደረጃው፣ ኮሪደሩና ሊፍቱ ተካፍሎ የተደመረበት ሊሆን ይችላል። 120 ከተባለው ውስጥ 20ው የጋራ ከሆነ ቁልፍ ተቀብላችሁ የምትኖሩበት 100 ካሬ ነው። ውሉ ላይ «የተጣራ» የሚለው ቁጥር ለብቻው እንዲጻፍ አድርጉ።

ካልኩሌተር በእጃችሁ ከሌለ በካሬው ላይ አንድ ዜሮ ጨምሩና የወጣውን 7 ወይም 8 በመቶ ደርቡበት። 200 ካሬ 2,000 ይሆናል፣ ሲደረብበት ወደ 2,150 ይጠጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 3.28ን ሲያባዛ ነው። እሱ ሜትርን ወደ ፊት የሚለውጥ የርዝመት ቁጥር ነው፤ ለስፋት በ3.28 አባዝቶ የወጣውን እንደገና በ3.28 ማባዛት ያስፈልጋል። በ3.28 ብቻ ያባዛ ሰው ከ200 ካሬ 656 እስኩዌር ፊት ያወጣል፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ ችግሩ እዚያ ነው። ዋጋ ላይ ደግሞ አቅጣጫው ይዞራል። ካሬው 60,000 ብር ከተባለ ለእስኩዌር ፊት በ10.764 አካፍሉት፤ 5,574 ብር አካባቢ ነው።

ሐረር ጁገል ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ሌላ ጥያቄ አለው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ከውጭ 9 በ7 የተለካ ቤት 63 ካሬ ይባላል። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ቢሆን ከውስጥ 8 በ6፣ ማለትም 48 ካሬ ይቀራል፤ መሃል ላይ ያሉት ግድግዳዎች ገና አልተቀነሱም። ከአዲስ የብሎኬት ቤት ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱንም ከውስጥ አስለኩ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ግድግዳ አፍርሶ ማስፋትን እንደ ቀላል ነገር አትቁጠሩት።

የጁገል ቦታ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘንም አይደለም። ዘመድ ልካችሁ የምታስለኩ ከሆነ አራቱን ጎን ብቻ አይበቃም፤ ጎኖቹ ሳይለወጡ ቅርጹ ከተንሻፈፈ ስፋቱ ይቀንሳል። ከአንዱ ጥግ እስከ ትይዩው ጥግ ያለውን ሰያፍ መስመርም ይለካ። ያኔ ቦታው ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና ስፋቱ በትክክል ይወጣል። ከካርታው ጋር ጥቂት ካሬ ቢለያይ የሜትር አያያዝ ሊሆን ይችላል፤ አሥር በመቶ ከራቀ ግን አጥሩ ከወሰኑ ወጥቶ ወይም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በቀያሽ ይታይ።

ከከተማ ወጣ ስትሉ «ሁለት ጥማድ መሬት» የሚል ይመጣል። ጥማድ በጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ አገሩ ይለያያል። ብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ፣ ይባላል፤ በሐረርጌ ግን ስምንቱን አንድ ሄክታር፣ አንዱን 1,250 ካሬ አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። ሁለት ጥማድ 5,000 ካሬ ነው ብላችሁ ዋጋ ከቆረጣችሁ 2,500 ልትረከቡ ትችላላችሁ። ከልኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ በጥማድ የሚቀርብላችሁ መሬት በአብዛኛው የገበሬ ይዞታ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የከተማ ቤት ስትገዙ የምትገዙት ቤቱንና በካርታ የተያዘውን የመጠቀም መብት ነው። «ከተማው እየሰፋ ነው፣ ካርታ ይወጣለታል» የሚላችሁን ሰው ካርታው ወጥቶ፣ ካሬው ተጽፎበት እስክታዩ ድረስ ቀብድ አትስጡት።