የወተቱ ማስታወቂያ ከበሩ ይጀምር

ጥያቄ፦ «የትምህርት ቤት ምገባ አስተባባሪ ነኝ። ለወጥ ቤት ሠራተኞቻችን ስለ ወተት አያያዝ ማስታወቂያ ጻፊ ተብያለሁ። ወተቱ ከአካባቢው አርቢዎች በጀሪካን ነው የሚመጣልን፤ ፍሪጅ የለንም። ምን ምን ልጻፍ? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።»

ሰላም እህቴ። እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ። እጅ መታጠብና ሽርጥ መልበስ የሚለውን መጋቢ እናቶቹም ያውቁታል፣ እሱን ልዝለለው።

1. «ወተት በደንብ ይፈላ» ብለሽ አትጀምሪ። እኛ ግድግዳ ላይ የነበረው ይኸው ነው። ከበላይ ቢሮ የመጣ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት። ከዚህ ሌላ አንድም ነገር አይልም ነበር።

አንድ ሐሙስ ወተቱ ዘግይቶ መጣ። አቅራቢው ማታና ጠዋት የታለበውን ወተት ደባልቆ፣ መኪና ሲጠብቅ ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አቁሞት ነበር። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። መጋቢ እናቶቹ እንደ ወረቀቱ አፈሉት። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ ጎላው ሲንተከተክ ነበር። ልጆቹ 4 ሰዓት ላይ በዕረፍት ጠጡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከአንዱ ክፍል ሦስት ልጅ አስመለሰው፤ ቀጥሎ ከሌላው ክፍል፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ ተረበሸ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ተመስገን፣ ሁሉም እስከ ማታ አገገሙ።

የቢሮው ሰው በማግስቱ መጣና ያለው አንድ ነገር ነው፦ «አላፈሉትም ማለት ነው።» በዚህ ብቻ የአንዷ እናት ደመወዝ ታገደ። ልጆቿን በዚያ ገንዘብ የምታሳድግ ሴት ናት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነገሩን ያብራራልኝ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ነው። የጠየቀኝም ስለ ማፍላቱ አልነበረም። ልጆቹ ከጠጡ ስንት ሰዓት ቆይተው አስመለሳቸው፣ ትኩሳትስ ነበራቸው ወይ አለኝ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብዙ ልጅ ባንድ ጊዜ ሲያስመልሰው፣ ትኩሳቱም እምብዛም ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ከአላቢው እጅ ቁስል ወይም ጡቷ ከታመመ ላም ወተቱ ውስጥ ይገባል። ወተቱ ሞቅ ብሎ ለሰዓታት ሲቆይ ይራባል፤ ሲራባ መርዝ ይተፋል። እሳቱ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። መርዙ ግን በማፍላት አይጠፋም። እናቶቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያፈሉትም ለውጥ አልነበረውም። ይህን በጽሑፍ አስደርጌ፣ ከርክክብ መዝገባችን ጋር አያይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ደመወዟ ተለቀቀላት። በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ማስታወቂያሽ የሚጀምረው ከምድጃው ሳይሆን ከበሩ ነው። ወተቱ የታለበበት ሰዓት ይጠየቅ፣ ይጻፍ። ያልቀዘቀዘ ወተት ከታለበ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እጃችሁ ካልገባና ወዲያው እሳት ላይ ካልወጣ አትቀበሉ። ማታ የታለበ ወተት የተቀላቀለበት ከሆነ ጨርሶ አይገባም።

2. የጭልፋ ፈተና። ከእያንዳንዱ ጀሪካን አንድ ጭልፋ በትንሽ ድስት ለብቻው ይፈላ። ከተቆራረጠ፣ ማለትም ዳርና ዳር ላይ ፍርፍር ከሠራ፣ መኮምጠጥ ጀምሯልና ጀሪካኑ ይመለስ። ሁሉን አንድ ጎላ ውስጥ ገልብጠሽ ከሞከርሽ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ደግሞ ፈተናውን አለፈ ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መርዝ ያለበት ወተት ሳይቆራረጥም ሊፈላ ይችላል። የእኛው እንደዚያ ነበር። ሽታም አትመኚ። ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ የጭሱ መዓዛ የመኮምጠጡን ሽታ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሰዓቱን መጠየቅ በምንም አይተካም።

እዚህ ላይ አቅራቢው ይቆጣል። «ስንት ዓመት ያመጣሁትን ወተት!» ይላል። መጋቢ እናት ደግሞ ብቻዋን ቆማ ሃያ ሊትር ወተት መልሺ ስትባል ትፈራለች፤ ልጆቹ ምን ይጠጣሉ ብላም ትጨነቃለች። እኛ ጋ የተፈታው ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ነው፦ «ወተት ተረካቢዋ ሰዓቱ ካለፈ ወይም ወተቱ ከተቆራረጠ የመመለስ ሙሉ ሥልጣን አላት። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። በዚያ ቀን ለተማሪዎች ሻይና ዳቦ ይቀርባል።» ርዕሰ መምህሩ ፈርሞበታል። አቅራቢውም ቅጂ ተሰጥቶታል። ይህችን መስመር ለማስገባት ነው የተጨቃጨቅኩት፤ ቢሮው «ከፈላ ምን ችግር አለው» እያለ ብዙ አመላልሶኛል።

3. ማፍላቱ። ወተት ኩፍ ሲል ፈላ ብሎ የሚያወርድ ብዙ ነው። በትልቅ ጎላ ዳሩ ሲገነፍል መሐሉ ገና ሊሆን ይችላል። እሳቱን ቀንሰው፣ እስከ ታች እያማሰሉ፣ መሐሉም ሲንተከተክ አንድ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። እንደኛ ደጋ ከሆናችሁ ወተቱ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 90 አካባቢ ላይ ይፈላል። ይህ አያሳስብሽ። ወተት በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ከቆየ የሳንባ ነቀርሳንም የብሩሴላንም ጀርም ይገድላል።

ከወረደ በኋላ ተከድኖ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጠጣ። የሚቀዳውም በጭልፋ ወይም በጆግ ነው፤ ኩባያ ጎላው ውስጥ አይነከርም።

ስለ ተራፊው ረቡዕና ዓርብን አስቢ። ጿሚ ልጆች አይጠጡም። እንደ ሌላው ቀን ካዘዝሽ ግማሹ ይተርፋል። ሰው ወተት መድፋት ይከብደዋል፣ «ለነገ እናፍላው» ይባላል። በጎላ ሙሉ የተቀመጠ የፈላ ወተት ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ሌሊቱን ሞቅ እንዳለ ያድራል። ከመፍላት የተረፉ የባክቴሪያ ዘሮች አሉ፤ እነሱ የሚነቁት ያኔ ነው። ትዕዛዙን ለእነዚያ ሁለት ቀናት በጿሚው ልክ ቀንሺው። የተረፈውን እዚያው በሰዓቱ ሠራተኛው ይጠጣው፣ ካልሆነ ይደፋ። እርጎ ሆኖም ለልጆች አይቅረብ።

ጀሪካኑን በተመለከተ፣ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ውስጡ ላይ የሚቀረው ቅባት አይለቅም። በሚቀጥለው ውል ላይ አፈ ሰፊ የአልሙኒየም የወተት ዕቃ ጠይቂ። እስከዚያው አስተጣጠቡን ጻፊላቸው፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ ከዚያ ዘቅዝቆ ማድረቅ። ከሙቁ ከጀመሩ ወተቱ ግድግዳው ላይ በስሎ ይጣበቃል።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ በሚጻፍ ሠንጠረዥም ይጨረስ፦ የታለበበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ የፈላበት ሰዓት፣ ለልጆች የቀረበበት ሰዓት፣ ፊርማ። ያን ሐሙስ ያቺን እናት ያዳናት የፈላበት ሰዓት መዝገባችን ላይ መጻፉ ነው። ከእናቶቹ ማንበብ የማይችሉ ካሉ ሰብስበሽ አንብቢላቸው፣ የጭልፋውንም ፈተና አንድ ጠዋት አብረሻቸው ሥሪው። ለውሉ የሚሆን አንቀጽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የእኛን እልክልሻለሁ።