«ያለአግባብ የወሰዱት 6,000 ብር» ብለሽ ከመላክሽ በፊት

ጥያቄ፦ «ገላን አካባቢ ባለ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። አንዲት ሠራተኛችን ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ቀን ፈረቃ ብትዛወርም፣ በወር 2,000 ብር የሌሊት አበል እስከ ታኅሣሥ ሲከፈላት ቆይቷል። መሠረታዊ ደመወዟ 11,000 ነው። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ‹ያለአግባብ የወሰዱት ብር 6,000 ከየካቲት ደመወዝዎ ላይ ተቀናሽ የሚደረግ መሆኑን እናሳውቃለን።› አለቃዬ ‹አለስልሺው› አለኝ። እንዴት ልጻፈው?»

እህቴ፣ ቃላቱን ከማለስለስሽ በፊት ቁጥሩን አስተካክዪ። አቃቂና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች የደመወዝ ሂሳብ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሠራተኛን ከሁሉ በላይ የሚያስከፋው እጁ ያልገባን ብር መልስ መባሉ ነው።

6,000 ብር አልደረሳትም። በ13,000 ብር ላይ የተቆረጠባት የሥራ ግብር 2,550 ነው። በ11,000 ቢሰላ ኖሮ 1,950 ይሆን ነበር። በየወሩ 600 ብር ትርፍ ግብር ተከፍሏል ማለት ነው። ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዟ ላይ ስለሆነ አበሉ አልነካውም። ስለዚህ በትርፍ የደረሳት በወር 1,400፣ በሦስት ወር 4,200 ብር ነው። የቀረው 1,800 ለግብር ሰብሳቢው ገብቷል። እሱን የማስተካከሉ ጣጣ የድርጅቱ እንጂ የእሷ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር «እናሳውቃለን» የሚለው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2164 መሠረት የማይገባ ክፍያ የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል። ግን ከደመወዝ ላይ መቁረጥ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59ን ተመልከቺ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሌለ የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ብትስማማም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የእሷ ሲሶ 3,666 ብር ገደማ ነው። 4,200ን በየካቲት ብቻ መቁረጥ አይቻልም ማለት ነው። የብድርና ቁጠባ ተቆራጭ ካለባት ደግሞ እሱም እዚያው ውስጥ ይደመራል። የደመወዝ ወረቀቷን ሳታዪ የጊዜ ሰሌዳ አታውጪ።

እኔ ብሆን በወር 700 ብር፣ በስድስት ጊዜ አደርገው ነበር። ግብርና ጡረታ ተቀንሶ እጇ የሚገባው 8,280 ብር ነው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ይወጣል። 700 ሲቀነስ ይሰማታል፣ ግን ወሩን አያናጋባትም። የካቲት ላይ ጀምሪ፣ መጋቢትን ዝለዪው። የፋሲካ ዶሮና ዘይት የሚገዛው በመጋቢት ደመወዝ ነውና። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ብትቀጥዪ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል።

«የወሰዱት» የሚለውን ግን አውጪው። እሷ ምንም አልወሰደችም፣ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ብትዪስ፦

«ወ/ሮ … ፣ ጤና ይስጥልን። ከጥቅምት ወደ ቀን ፈረቃ ሲዛወሩ የሌሊት አበልዎን ከደመወዝ መዝገብ ላይ ሳናወጣው ቀርተናል። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ግብሩ ተቀንሶ እስከ ታኅሣሥ በትርፍ የደረሰዎት 4,200 ብር ነው። ስሌቱን አያይዘናል። በየወሩ 700 ብር በስድስት ጊዜ ቢመለስ ብለን አስበናል፦ በየካቲት፣ ከዚያም መጋቢትን ዘለን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ። ይህ የሚከብድዎት ከሆነ መጠኑንም ወሩንም አብረን እናስተካክላለን። በጽሑፍ እስኪስማሙ ድረስ ምንም አንቆርጥም። ጥያቄ ካለዎት ቢሮ ይምጡ ወይም ይደውሉልን።»

ይህን ከመላክሽ በፊት ግን በአካል አናግሪያት። በምሳ ሰዓት ቢሮ ጥሪያት፣ ወረቀቱን አብራችሁ እዩት። ፈረቃ ጨርሳ ሰርቪስ ልትሳፈር ስትሮጥ በር ላይ «ፈርሚ» አትበያት። እንዲህ የተፈረመ ወረቀት ነው በኋላ «አስገድደውኝ ነው» የሚያስብለው። ቤት ወስዳ ታንብበው፣ ከቤተሰቧ ጋር ትማከር። ስሌቱን ከራሷ የባንክ መልእክት ጋር ታመሳክረው፤ በየወሩ የገባው ብር እዚያ አለ። የማይገጥም ነገር ካገኘች ደግሞ ከመፈረሟ በፊት አጣሪው።

ከተስማማች ቅጂውን ስጫት። በደመወዝ ወረቀቷ ላይ «የትርፍ ክፍያ ተመላሽ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር ይኑር፣ ቀሪው ዕዳም አጠገቡ ይጻፍ። ከሌላ ተቆራጭ ጋር ከቀላቀልሽው በሦስተኛው ወር ስንት እንደቀረ እሷም አንቺም አታውቁትም። የነሐሴው ሲቆረጥ «ጨርሰዋል» የሚል አጭር ወረቀት ፈርመሽ ስጫት፣ አንዱንም ግል ፋይሏ ውስጥ አስቀምጪ።