የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ሲያበቃ የገባው ወለድ ልክ ነው? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ከአራዳ፦ 200,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ለ6 ወር አስቀምጬ ነበር። ግማሽ ዓመት ነውና 10,000 ብር ስጠብቅ 9,369.86 ገባልኝ። ሰርተፍኬቱ ከታኅሣሥ 8 እስከ ሰኔ 10፣ 2017 ይላል። የቀረው የት ሄደ?

መልስ፦ አብዛኛው ግብር ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። የገባልዎትን ለ0.95 ቢያካፍሉት 9,863.01 ይወጣል፤ ግብሩ 5 በመቶ ከነበረ ባንኩ ያሰላው ሙሉ ወለድ ይኼ ነው። የ200,000 ብር የአንድ ቀን ወለድ ደግሞ 20,000 ሲካፈል ለ365፣ ማለትም 54.79 ብር ነው። 9,863.01ን በእሱ ሲያካፍሉት 180 ቀን ያገኛሉ።

ሰርተፍኬትዎ ላይ ያሉት ቀኖች ግን 182 ናቸው። ከታኅሣሥ 8 እስከ ሰኔ 8 በኛ አቆጣጠር ድፍን 180 ቀን ነው፤ ሰኔ 10 የሆነው በፈረንጅ ዲሴምበር 17 ተነስቶ ጁን 17 ላይ ስለሚያርፍ ነው። ስለዚህ የሁለት ቀን ወለድ፣ 109.59 ብር ጎድሏል። ከግብር በኋላ 104.11 ይሆናል፤ መግባት የነበረበትም 9,473.97 ነው። ቅርንጫፉ ሄደው ሙሉ ወለዱና ግብሩ ለየብቻ የተጻፉበትን ማስረጃ አሳትሙ፤ ሲስተሙ ላይ የተመዘገበው የማብቂያ ቀን ሰኔ 8 እንደሆነም ይጠይቁ።

ከማራኪ፦ ባንክ እኮ ዓመቱን 360 አድርጎ ነው የሚያሰላው። 10,000ው ይገባቸዋል።

መልስ፦ ውሉ 360 ካለ ግማሹ ልክ ነው። ያን ጊዜ ግን 182 ቀን 10,111.11 ይሰጣል። 10,000 የሚመጣው ወሩም 30 ቀን ሆኖ ሲቆጠር ብቻ ነው። የውሉን ጀርባ ሳያነቡ በዚህ መከራከር አያዋጣም።

ከአዘዞ፦ እኔ በአራተኛው ወር አፍርሼ ስወጣ ከዋናው ገንዘብ ላይ ቆረጡብኝ። ግብር ነው አሉኝ።

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ግብሩ የሚታሰበው በወለዱ ላይ ብቻ ነው፤ ዋናውን አይነካም። ወለድ በየወሩ ይገባልዎት ከነበረ፣ ሲያፈርሱ ወደ ዝቅተኛ ወለድ ወርዶ ብልጫውን መልሰው ወስደው ይሆናል። ለማወቅ በየወሩ የገባውን ይደምሩ።

ከአራዳ፦ ቆይ፣ ግብሩ 5 ነው ወይስ 10 በመቶ? ጎረቤቴ 10 ተቆርጦብኛል ትላለች።

መልስ፦ የተቆረጠባትን ግብር ለሙሉ ወለዱ ታካፍለው፤ 0.05 ወይም 0.10 ይወጣል። አዋጅ 979/2008 ለቁጠባ ተቀማጭ 5፣ ለሌላ ወለድ 10 በመቶ ይላል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ላበቃ ተቀማጭ ማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 አብሮ ይታይ።

ከማራኪ፦ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ «ቁጠባ» ነው ወይ? ጭቅጭቁ እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ ልክ ብለዋል፤ እሱን እኔም አልቆርጠውም። ባንኩ በየትኛው አንቀጽ እንደቀነሰ በጽሑፍ ይስጥ። ገንዘቡ አንዴ ለገቢዎች ከተላለፈ መመለሱም እዚያው ነው የሚጠየቀው።