ከባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ሰው ተመልከቱ

«ሰው ሁሉ በስልክ መክፈል ጀምሯል፤ እኛስ ምን ሠርተን እንግባበት?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችሁ መልሱን ይዛችሁ መምጣታችሁ ነው፤ ሌላ የክፍያ መተግበሪያ ልትሠሩ ትፈልጋላችሁ። ፈቃዱም፣ ደንበኛውም፣ መስመሩም በባንኮችና በቴሌኮም ድርጅቶች እጅ ነው። እነሱ ባሉበት ጎን ለጎን ቆሞ መሸጥ አድካሚ ነው። ይልቅ ልማዱ ሲለወጥ ምን እንደጎደለ ፈልጉ።

ጥሬ ገንዘብ ማንም ልብ ሳይለው ብዙ ሥራ ይሠራ ነበር። ገዢው ኖቱን ሲዘረጋ ሻጩ ያየዋል፣ ይዳስሰዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ መከፈሉ እዚያው ተረጋገጠ። የተቀበለው ባለቤቱ ይሁን ተቀጣሪው ለውጥ የለውም። በስልክ ሲከፈል ግን ገንዘቡ ወደ ሒሳቡ፣ ማስረጃው ደግሞ ወደ ባለቤቱ ስልክ ይሄዳል። ባለቤቱ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሠራተኛ የምታየው ገዢው የሚያሳያትን ስክሪን ብቻ ነው። ያ ስክሪን ደግሞ የትናንት ስክሪንሹት ወይም እውነተኛውን መተግበሪያ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትደውላለች፤ ወረፋው ይቆማል።

በሕንድ የሆነውን እንይ። ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ የሚያስተላልፈው ዩፒአይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሥራ ሲጀምር ኪውአር ኮድ የታተመባት አንዲት ወረቀት ለሱቅ በቂ ሆነች። ትንሹም ነጋዴ ለጠፋት። የማረጋገጡ ጣጣ ግን አብሮ መጣ፤ እጁ ሥራ ላይ ያለ ሻጭ በእያንዳንዱ ክፍያ ስልኩን አውጥቶ አጭር መልእክት ማንበብ አይችልም። ፔይቲኤም የተባለው ድርጅት በ2019 ሳውንድቦክስ ብሎ ያወጣው መሣሪያ ይህንኑ ክፍተት የሚደፍን ነው። ድምፅ ማጉያ፣ ባትሪና የራሱ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ ሲገባ መጠኑን በሻጩ ቋንቋ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሻጩ ዘወር ማለት እንኳ አያስፈልገውም። ድርጅቱ ሣጥኑን በወርሃዊ ኪራይ አከራየው፤ ተወዳዳሪዎቹም ተከትለው የየራሳቸውን አወጡ።

ይህን ክፍተት ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ባንኮኒ አጠገብ ቁሙና ለእያንዳንዱ የስልክ ክፍያ ሦስት ነገር መዝግቡ፤ ገዢው «ከፈልኩ» ያለበትን ሰዓት፣ ሻጩ ዕቃውን የለቀቀበትን ሰዓት፣ በመሐል ማን ምን እንዳደረገ። ለምሳሌ በሁለቱ መሐል በአማካይ 25 ሰከንድ ቢያልፍና ሱቁ በቀን 120 የስልክ ክፍያ ቢቀበል፣ 3,000 ሰከንድ ወይም 50 ደቂቃ በማረጋገጥ ብቻ ይባክናል። ባለሱቁ ለእናንተ አገልግሎት ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል የምትገምቱት ከዚህች ቁጥር ተነስታችሁ ነው። ከሦስቱ ግን ዋናው «በመሐል ማን ምን አደረገ» የሚለው ነው። ሠራተኛዋ የገዢውን ስልክ ፎቶ ካነሳች፣ ባለቤቱ ሲሙን የከተተበት ርካሽ ስልክ ሱቁ ውስጥ ትቶ ከሄደ፣ ወይም የገባውን ሁሉ በደብተር የሚጽፍ ልጅ ከተቀጠረ፣ ሰዎቹ ችግሩን በራሳቸው ወጪ እየፈቱት ነው ማለት ነው። «ይቸግራችኋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ «ኧረ ደህና ነው» ይሏችኋል፤ ለምደውታላ። የዛሬ ልጆች መጠይቅ በስልክ መበተን ትወዳላችሁ፤ እንዲህ ያለው ነገር በመጠይቅ አይያዝም።

የተገኘው መፍትሔ ራሱ የት ላይ እንደሚሰናከልም እዩ፤ ቀጣዩ ክፍተት እዚያ ነው። ኔትወርክ ሲዘገይ ሣጥኑ የሚናገረው ገዢው ከሄደ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ገንዘብ በተከታታይ ሲከፍሉ አንዱ ድምፅ ብቻ ቢሰማ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መጠን ይነግራል እንጂ ስም አይጠራም። በሌላ በኩል ያልታሰበ ጥቅምም አለው። አጭበርባሪ በሱቁ ኪውአር ላይ የራሱን ለጥፎ ከሆነ ሣጥኑ ዝም ይላል። ገዢው በእርግጥ ከፍሎ ሣጥኑ በተደጋጋሚ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው ወረቀቷ ናት፤ ገዢው ሲከፍል ስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ማንበብ ይበቃል።

ሰዎች አገልግሎትን ከታሰበለት ውጭ ሲጠቀሙበትም ልብ በሉ። በኬንያ ኤም-ፔሳ በ2005 ሲሞከር የታሰበው ከማይክሮፋይናንስ የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ተሞካሪዎቹ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። አንዳንዱ መንገድ ሲወጣ ገንዘቡን እዚህ አስገብቶ እዚያ ያወጣ ነበር፤ በኪሱ ይዞ ከመሄድ ይሻላላ። ሌላው በሙከራው ውስጥ ለሌለ ሰው ላከ፤ ነጋዴዎችም እርስ በርስ ክፍያ ፈጸሙበት። አዘጋጆቹ ይህን እንደ ጥፋት ቆጥረው ሊከለክሉ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የብድሩን ነገር ወደ ጎን ትተው መጋቢት 2007 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለሕዝብ ሲያቀርቡት «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» በሚለው አንድ ሐሳብ ላይ አተኮሩ። ቅድም የክፍያ መተግበሪያ አትሥሩ ብዬ አሁን የክፍያ አገልግሎት በምሳሌነት ማቅረቤ ይጋጫል የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይጋጫል። ብቻ ኤም-ፔሳን የጀመሩት ቮዳፎንና ሳፋሪኮም የተባሉ የቴሌኮም ኩባንያዎች መሆናቸውን አትርሱ፤ ሲሙም ወኪሎቹም በእጃቸው ነበሩ።

ልማዱ እውነት መለወጡንም አረጋግጡ። በሕንድ ኅዳር 2016 የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶች በአንድ ሌሊት ሲሰረዙ በካርድ የሚከፍለው ሰው ብዛት ሽቅብ ወጣ፤ አዲሱ ኖት እንደልብ ሲገኝ ግን ከፊሉ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በእንዲህ ያለ ግርግር መሐል የተቆጠረ ቁጥር ያታልላል። አስገዳጁ ነገር ካለፈ በኋላ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ሰዓት ድጋሚ ቁጠሩ። ሰው ምርጫ እያለውም ስልኩን ካወጣ ልማዱ ጸንቷል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን የክፍያ ድርጅቱ ራሱ ነው። የገንዘብ ገቢ ማሳወቂያው የሚነሳው ከእሱ ሰርቨር ነው። አንዳንዱ ወጣት የባለሱቁን አጭር መልእክት በስልክ እያነበበ የሚያስተላልፍ መተግበሪያ ይሠራል። ለሙከራ ጥሩ ነው፤ አምስት ሱቅ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፍላጎት መኖሩን ያሳያችኋል። ንግድ ሊቆምበት ግን አይችልም። የመልእክቱ አጻጻፍ ትንሽ በተቀየረ ቀን መተግበሪያው ማንበብ ያቆማል፤ መልእክት ላኪ መስሎ የጻፈ አጭበርባሪም ያሳስተዋል። ስለዚህ ሙከራው ፍላጎት ካሳየ በኋላ መሣሪያ ከማዘዛችሁ በፊት የገቢ ማሳወቂያውን ለሦስተኛ ወገን ይሰጥ እንደሆነ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስና ውሉ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚቋረጥ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ «አንሰጥም» ከሆነ ማረጋገጡን ለእነሱ ተዉላቸውና ጥሬ ገንዘብ ይሠራው ወደነበረ ሌላ ሥራ ዙሩ። ማታ የመሳቢያውን ገንዘብና የስልኩን ገቢ አንድ ላይ አስታርቆ ለባለቤቱ የሚነግረው ሰው እስካሁን ብዙ ቦታ የለም፤ ለዚያ ደግሞ ባለሱቁ ራሱ የሚያወርደው የሒሳብ መግለጫ ይበቃል።