«መጀመሪያ 120 ብር ላኩልኝ»፦ ስለ ኦንላይን ሥራ ጥያቄና መልስ

ደሴ ቤቴ ተቀምጬ ለውጭ አሠሪዎች ስተረጉም 6 ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙው ስለ «ታስክ» ሥራ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ «በቴሌግራም ነው ያገኙኝ። ሥራው ለሆቴሎች ኮከብ መስጠት ነው። መጀመሪያ 120 ብር ላኩልኝ። 500 አስገብቼ 650 መለሱልኝ። ከዛ 2,000 አስገባሁ። መሀል ላይ ሂሳብሽ ኔጌቲቭ ገብቷል ሲሉኝ 6,500 ጨመርኩ። አሁን ገጹ ላይ 14,300 ብር አለኝ። ለማውጣት 15 በመቶ ታክስ፣ 2,145 ብር ክፈይ አሉኝ። ልክፈል?»

አትክፈይ እህቴ። ገንዘቡ እውነት እጃቸው ላይ ቢሆን ኖሮ 2,145ቱን ከሱ ቀንሰው 12,155 ብር ይልኩልሽ ነበር። ካንቺ ኪስ አዲስ ብር የሚጠይቁት የሚቀነስበት ገንዘብ ስለሌለ ነው። 14,300 የሚለው ቁጥር እነሱ ራሳቸው በሠሩት ገጽ ላይ የጻፉት ነው፤ ነገ 50,000 ሊያደርጉት ይችላሉ።

በእጅሽ የገባውንና የወጣውን ብቻ ደምሪ። የገባልሽ 120 እና 650፣ በድምሩ 770 ብር ነው። የወጣብሽ 500፣ 2,000 እና 6,500፣ በድምሩ 9,000 ብር። ስለዚህ የከሰርሽው 8,230 ብር ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ 120 ብር ደሞዝ አልነበረችም። ቀጥሎ 500 ሲሉሽ እንዳትጠራጠሪ የተከፈለች ናት። «ኔጌቲቭ» የሚሉትም ሆን ተብሎ መሀል ላይ ይመጣል፤ የገባው ብር ስለሚያሳሳሽ ትጨምሪያለሽ። 2,145ቱን ብትከፍይ ደግሞ «የማረጋገጫ» የሚባል ሌላ ክፍያ ይመጣል።

ደረሰኞቹን፣ የግብይት ቁጥሮቹንና የቴሌግራም ንግግሩን ሳይጠፉ ስክሪንሾት አንሺ። ዛሬውኑ ብሩን ወደላክሽበት ባንክ ደውይ፣ ከዛ ፖሊስ ጋ ሂጂ። ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ከሂሳቡ ይወጣል። «አስመልስልሻለሁ፣ ትንሽ ክፈይኝ» የሚል ሰው በውስጥ ከጻፈልሽ እሱም ያው ነው።

ከወልድያ፦ «ይሄ ትንሽ ተጋነነ። Upwork ላይ እኮ እኔም ለማመልከት ከፍያለሁ። መክፈል ሁሉ ማጭበርበር አይደለም።»

ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። አሠሪና ሠራተኛን በሚያገናኘው Upwork ላይ ለማመልከት Connects የሚባል ነጥብ ይገዛል፤ የአንዱ ዋጋ 0.15 ዶላር ነው። ግን የምትከፍለው ለድረ ገጹ ነው፣ እዛው ውስጥ። አሠሪው ካንተ ምንም አይቀበልም። የድረ ገጹ ኮሚሽንም ከሠራህበት ላይ ተቆርጦ ነው የሚቀረው። ውል ሳይገባ «ቴሌግራም ላይ እናውራ» የሚል አሠሪ ከመጣ ግን ተጠንቀቅ፤ እዛው Upwork ላይ የሚያይህና ገንዘብህን የሚይዝልህ አካል ከመንገድ ወጣ ማለት ነው።

ከሐይቅ፣ አንድ አባት፦ «ልጄን ዱባይ እንልካለን ብለው የምዝገባ 8,000 ብር ጠየቁን። ይሄስ?»

ጋሼ፣ የርስዎ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እሱ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ነው። ብሩን ከመስጠትዎ በፊት ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን በአካባቢዎ ካለው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በግለሰብ ስም ሂሳብ ገቢ አድርጉ ካሉዎት እሱ ብቻውን ያስጠረጥራል።

ከወልድያ፣ ሌላ ሰው፦ «የታስክ ሥራ የሚሰጡት ሰዎች ድረ ገጽ ግን በጣም ቆንጆ ነው። 10 ዓመት ሠርተናል ይላል።»

lookup.icann.org ላይ ገብተህ አድራሻውን ጻፍና Created የሚለውን ቀን እይ። 10 ዓመት ሠራን እያሉ ገጹ የተመዘገበው ያለፈው ወር ከሆነ መልሱን አገኘህ። አሮጌ መሆኑ ግን ንጹሕ አያደርገውም፤ አሮጌ አድራሻ የሚገዙም አሉ። የታወቀ ድርጅት ስም ላይ ሰረዝ ወይም አንድ ፊደል ጨምረው የሚመጡም ስላሉ ፊደሉን አንድ በአንድ አንብብ።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ «እኔን ምንም ብር አልጠየቁኝም። በሂሳቤ ብር ይገባል፣ 5 በመቶውን አስቀርቼ ወደ ሌላ ሂሳብ አስተላልፋለሁ። ሥራው የክፍያ ወኪል ነው። ምን ችግር አለው?»

ወንድሜ፣ ከሁሉም ያስደነገጠኝ ያንተ ነው። የኮምቦልቻዋ እህታችን 9,000 ብር የገባው እንዳንተ ባለ ሰው ሂሳብ ነው። እሷ ስትከስ መጀመሪያ የሚወጣው ያንተ ስም እንጂ የነሱ አይደለም። አሁኑኑ ማስተላለፉን አቁም። ያልላክኸው ብር ካለ ለነሱ አትመልሰው፣ አትንካውም። ንግግሩን ሳታጠፋ ይዘህ ባንክህ ሄደህ ራስህ ንገራቸው። ነገ ጠዋት የምትሄድ ከሆነ ጻፍልኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።