ግራፉ ከ-6 ዲሲቤል ሲጀምር ከትኦፉን የት እንፈልገው?

«ሰላም ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። የአባቴን የድሮ የመንዙማ ካሴቶች ሳጫውት ሽሽሽ የሚለው ድምፅ አስቸገረኝና በቴፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 332 የሚል የተጻፈበት ካፓሲተር አስገባሁ። በስሌት ከትኦፉ 4.8 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። ሽሽታው ግን ብዙም አልቀነሰም፣ ጭራሽ የመንዙማው ድምፅ ደከመ። ኮሌጅ ወስጄ፣ አምፕሊፋየሩ እንደተሰካ፣ በሲግናል ጄኔሬተርና በኦሲሎስኮፕ ለካሁት። ያስገባሁት 2 ቮልት ነው። የወጣው 100 ኸርዝ ላይ 1 ቮልት፣ 5 ኪሎ ላይ 0.89፣ 20 ኪሎ ላይ 0.43፣ 100 ኪሎ ላይ 0.1 አካባቢ። ግራፉን ስስለው ገና ከመነሻው -6 ዲሲቤል ላይ ነው። -3 የሚባለውን አንድም ቦታ አይነካም። ታዲያ ከትኦፉ የት አለ?»

አብሽር ወንድሜ፣ አለካክህ ደህና ነው። የሳትከው -3ን ከዜሮ መስመር መቁጠርህ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንት ሜትር ወረድክ ቢሉህ ከደሴ ጀምረህ ትቆጥራለህ እንጂ ከባሕር ወለል አትነሳም። እዚህም እንደዚያው ነው። ግራፉ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በኩል ሜዳ ሆኖ የሚሄድበትን ከፍታ ያዝና ከዚያ 3 ዲሲቤል ውረድ። ያንተ ሜዳ -6 ላይ ስለሆነ የምትፈልገው ቦታ -9 ነው። በቮልት ደግሞ የሜዳውን 1 ቮልት በ0.707 አባዛው፣ ማለትም 0.71 ቮልት የምታይበት ቦታ ነው። ከትኦፍ የሚባለውም ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስበት ይህ ቦታ ነው።

5 ኪሎ ላይ 0.89፣ 20 ኪሎ ላይ 0.43 ካየህ 0.71 የሚውለው በሁለቱ መካከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይሳሳታሉ፤ የግራፉ አግድም መስመር በሎግ የተከፋፈለ ስለሆነ የ5 እና የ20 መሃል 12.5 ሳይሆን 10 ነው። ያንተ ከርቭ -9ን የሚቆርጠው ከዚያች ከ10 ትንሽ ወደ ግራ፣ 9.6 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው።

በአንድ ነጥብ ብቻ አትመን፣ በቁልቁለቱም አረጋግጥ። የአንድ ሬዚስተርና የአንድ ካፓሲተር ፊልተር ትከሻውን ካለፈ በኋላ ፍሪኩዌንሲው አሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር 20 ዲሲቤል ይወርዳል። 100 ኪሎ ላይ ያገኘኸው -26 ነው። ከዚያ በማስመሪያ ወደ ግራ ወደ ላይ ተመለስ። አሥር እጥፍ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ማለትም 10 ኪሎ ላይ፣ 20 ወጥተህ -6 ትደርሳለህ። ቁልቁለቱ ከሜዳው ጋር የተገናኘበት ይህ ቦታ ከትኦፉ ነው። ከ9.6 ጋር በትንሹ የተለያየው ንባብህ ስለተጠጋጋ ነው። ከርቩ ራሱ በዚያ ማዕዘን አያልፍም፣ ክብ ሆኖ 3 ዲሲቤል ከሥሩ ይዞራል። እኔ ትከሻው ላይ ነጥብ ከመልቀም ይልቅ በማስመሪያው አምናለሁ።

እንግዲህ 4.8 ያሰብከው 9.6 ሆነ፣ ልክ እጥፍ። ሜዳውም በግማሽ ወረደ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ነገር ነው፤ የአምፕሊፋየርህ መግቢያ ራሱ 10 ኪሎ ኦም ነው። የአንዳንድ ርካሽ አምፕ የቮልዩም መቆጣጠሪያ ይህን ያህል ነው። ያንተ ሬዚስተርና የአምፑ መግቢያ እኩል ስለሆኑ ቮልቴጁን ለሁለት ተካፈሉት፣ ድምፁ የደከመው በዚህ ነው። ካፓሲተሩም በበኩሉ ሁለቱን ሬዚስተሮች ጎን ለጎን እንደተገናኙ አድርጎ ስለሚያያቸው ለእሱ R ማለት 10 ሳይሆን 5 ኪሎ ኦም ነው።

```
f = 1 / (2πRC)
R = 10 kΩ, C = 3.3 nF  ->  4.8 kHz
R =  5 kΩ, C = 3.3 nF  ->  9.6 kHz
```

እንዲህ መሆኑን ለማየት አምፑን ነቅለህ ኦሲሎስኮፑን ብቻ አስቀርና ድገመው። ሜዳው ወደ 0 ይወጣል፣ ከትኦፉም ወደ 4.8 ይመለሳል። 100 ኪሎ ላይ ያለው -26 ግን ንቅንቅ አይልም። አምፑ ያደረገው ቁልቁለቱን ማንቀሳቀስ ሳይሆን የግራፉን አናት መቁረጥ ነው። አናቱ ሲቆረጥ ቁልቁለቱ ዘግይቶ የጀመረ ይመስላል፣ ከትኦፉ ወደ ቀኝ የሸሸውም ለዚህ ነው። የአምፑን መግቢያ በመልቲሜትር ኦም ለመለካት ብትሞክር ግን አንዳንዱ አምፕ ከመግቢያው ካፓሲተር ስላለው ምንም ላያሳይህ ይችላል። የሜዳው መውረድ የበለጠ ይናገራል።

አንድ ተመሳሳይ መልክ ያለው ጉዳይ አለ፣ እንዳያምታታህ። የኦሲሎስኮፑ ፕሮብ 10X ላይ ሆኖ ቻናሉ 1X ከሆነ ግራፉ በሙሉ በ20 ዲሲቤል ይወርዳል። ያኔ ቁልቁለቱም አብሮ ይወርዳል፣ ከትኦፉ ግን ካለበት አይነቃነቅም። እንደ አምፑ ያለ ጭነት ሲሆን ግን ሜዳው ብቻ ወርዶ ከትኦፉ ይሸሻል።

መፍትሔው ላይ፣ ወጪ የማያስወጣው ካፓሲተሩን መቀየር ነው። 332ቱን አንሳና 682፣ ማለትም 6.8 ናኖ ፋራድ አድርግበት። በ5 ኪሎ ኦም ሲሰላ 4.7 ኪሎ ኸርዝ ይሰጥሃል። የጠፋው ግማሽ ድምፅ አይመለስም፣ እሱን በቮልዩም ታነሳዋለህ። ሬዚስተሩን ወደ 1 ኪሎ፣ ካፓሲተሩን ወደ 33 ናኖ ቀይር የሚሉህ ይኖራሉ። በጄኔሬተር ስትለካው ያምራል፣ ሜዳው ከ1 ዲሲቤል በላይ አይወርድም። ችግሩ ጄኔሬተሩ የራሱ 50 ኦም ብቻ ሲኖረው የቴፑ መውጫ አንድ ኪሎ ኦም ሊኖረው መቻሉ ነው። ያኔ ያ አንድ ኪሎ ከሬዚስተርህ ጋር ተደምሮ ከትኦፉን ወደ 3 ኪሎ ይጎትተዋል፣ መንዙማውም በብርድ ልብስ የተሸፈነ ያህል ይታፈናል። 10 ኪሎው ግን የቴፑን ነገር ከቁጥር አያስገባውም። ስለዚህ እሱን አትንካው።

ሽሽታው ድርግም ብሎ ይጠፋል ብለህ ደግሞ አትጠብቅ። አሁን ባለው ፊልተር 10 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያለው ሽሽታ ከድምፁ አንፃር የቀነሰው በ3 ዲሲቤል ብቻ ነበር፣ ጆሮ ብዙም አይለየውም። 682ቱን ስታስገባ ወደ 7 ተኩል ይደርሳል። ይህ ይሰማል። ከዚያ በላይ ከፈለግህ የከበሮውን ጠርዝና የጭብጨባውን ድምቀት እየበላህ ነው የምትሄደው።

ከበየድከው በኋላ አምፑ እንደተሰካ መጀመሪያ 100 ኸርዝ ላይ 1 ቮልት መኖሩን እይ፣ ከዚያ 0.71 ቮልት እስክታይ ጄኔሬተሩን ወደ ላይ አዙረው። በርካሽ መልቲሜትር አትለካው፣ ብዙዎቹ ለ50 ኸርዝ የመብራት መስመር የተሠሩ ስለሆኑ በኪሎ ኸርዝ ሲሆን ይዋሻሉ። ከ4.2 እስከ 5.2 ኪሎ ኸርዝ ባለው ውስጥ ከቆመልህ ልዩነቱ የካፓሲተሩ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ K የሚል ፊደል ካለበት እስከ አሥር በመቶ መዛነፍ ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ ዝጋውና ካሴቱን አስገባ።