የጆሮ ሕመም ሽሮፕ ለሕፃን፦ ስንት ሚሊ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ልጄ 1 ዓመት ከ6 ወሯ ነው፣ 11 ኪሎ ነች። ለጆሮዋ 250 የሚለውን አሞክሳሲሊን 9 ሚሊ ጠዋትና ማታ አዘዙላት። የጎረቤቴ ልጅ ግን 3 ዓመቱ ሆኖ 5 ሚሊ ነበር የሚወስደው። አልበዛም ወይ?» (እናት፣ ከኮቺ)

አልበዛም እህቴ፣ ልክ ነው። የልጅ መድኃኒት በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው የሚሰላው። ለጆሮ ኢንፌክሽን አሞክሳሲሊን በቀን ለአንድ ኪሎ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፣ ስለዚህ ለ11 ኪሎ ከ880 እስከ 990 ይመጣል ማለት ነው፣ ሐኪሙ 900 ይዞ ለሁለት ሲከፍለው በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ግራም ሆነ። ጠርሙስሽ ላይ 250 በ5 ሚሊ ይላል አይደል፣ ስለዚህ አንዷ ሚሊ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አለ፣ 450ን ለ50 ስታካፍይው 9 ሚሊ። የጎረቤትሽ ልጅ ምናልባት ለጉሮሮ ይሆናል የታዘዘለት፣ ለሱ መጠኑ ያንሳል። ለጆሮ ከፍ የሚለው መድኃኒቱ ከታምቡሩ ጀርባ ድረስ በበቂ መጠን መድረስ ስላለበትና ባክቴሪያውም ትንሹን ዶዝ መቋቋም ስለለመደ ነው። ብቻ ኪሎው የዛሬ ይሁን፣ የባለፈው ክትባት ጊዜ ካርድ ላይ የተጻፈውን አትንገሪያቸው። ደግሞ ይሄ ስሌት የታዘዘውን ለማረጋገጥ ነው እንጂ ልጅ ሳይታይ ቤት ውስጥ ለመጀመር አይደለም።

«በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ግራም ነበር የታዘዘለት፣ 9 ሚሊ እየሰጠሁት ጠርሙሱ ተደፋብኝ። ሌላ ፋርማሲ 125 የሚል ሰጡኝ፣ መድኃኒቱ ያው ነው አሉ። በ9 ሚሊ ልቀጥል?» (አባት፣ ከጅሬን)

ኧረ አይሆንም ወንድሜ! ስሙ ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ግማሽ ነው። 125 በ5 ሚሊ ማለት አንዷ ሚሊ ውስጥ 25 ብቻ ነው ያለው፣ በ9 ሚሊ ከቀጠልክ ልጁ 225 እየወሰደ ነው፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ አልወርድ ሲል «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተብሎ ሌላ ጠንካራ ይቀየርለታል፣ ችግሩ ግን ቁጥሩ ነበር። 450 እንዲሞላ ከዚህኛው 18 ሚሊ ያስፈልጋል። 18 ሚሊ ለትንሽ ልጅ ብዙ ስለሆነ ይተፋዋል፣ ባለ 100 ሚሊ ጠርሙስ ደግሞ ሦስት ቀን እንኳን አያደርስህም፣ ስለዚህ ብትችል ወደ 250ው ቀይረው። የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፣ በ125 ታዞ 250 ሲሰጡ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ማዘዣው ላይ ሚሊ ብቻ ሳይሆን ሚሊ ግራሙም ይጻፍ የምለው፣ ካልተጻፈ አስጽፉ። «312» የሚል ጠርሙስ ከተሰጣችሁ ደግሞ ያ ክላቩላኔት የሚባል ሌላ መድኃኒት የተጨመረበት ነው፣ ከውስጡ አሞክሳሲሊኑ 250 ነው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በተራው አሞክሳሲሊን ቦታ እንዳትሰጡት፣ ሆድ ያስቀምጣል።

«በሻይ ማንኪያ ነው የምሰጠው፣ አንድ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው አይደል?» (አያት፣ ከሄርማታ)

እማማ፣ የቤት ማንኪያ ልክ የለውም። ቡና የምናማስልባት ትንሿ ማንኪያ 3 ሚሊም ላትሞላ ትችላለች፣ ትልቋ ደግሞ 7 ታልፋለች። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ይግዙ (መርፌ ካለው እዛው ያስነቅሉት፣ ክዳን ካለውም ይጣል፣ ልጅ ይውጠዋል)። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቀው ይሳቡ፣ ካልተነቀነቀ መድኃኒቱ ከታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ቀን ቀጭን የመጨረሻው ቀን ወፍራም ይሆናል። አረፋ ከገባ መልሰው ገፍተው እንደገና ይሳቡ፣ አረፋው ቦታ ስለሚይዝ 9 ያሉት 7 ሊሆን ይችላል። ሲሪንጁን በዓይን ትክክል ይዘው ያንብቡ። ሲሰጡ ልጁን ቀና አድርገው ወደ ጉንጩ ጎን ቀስ እያሉ፣ ጉሮሮው ላይ እንዳይለቁት ያንቀዋል።

«ዱቄቱ ላይ እስከ መስመሩ ውሃ ሞልቼ ስነቀንቀው ዝቅ አለ። ልጨምር?» (እናት)

አዎ፣ እስከ መስመሩ ጨምሪ። ዱቄቱ መሀል የነበረው አየር ሲወጣ ነው የሚወርደው፣ ካልሞላሽው መድኃኒቱ ይወፍርና ዶዙ ይበዛል። ለሌላ ጊዜ ዱቄቱ እንዲላቀቅ ጠርሙሱን ነቅንቀሽ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ያህል ጨምረሽ ነቅንቂ፣ አረፋው እስኪተኛ ጠብቂ፣ ከዛ እስከ መስመሩ ሙይና ድገሚው። ካለፍሽው ግን ቀጥኗል፣ ወደ ፋርማሲው ሂጂበት። የተበጠበጠበትን ቀን ጻፊበት፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠርሙሱ ላይ አለ፣ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ አታስቀምጪ።

«ወዲያው አስመለሰው፣ ልድገምለት? ደግሞ በ3 ቀን ከተሻለው ላቁም?» (አባት)

በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰ አንዴ ድገምለት፣ ከዛ ካለፈ ተወው፣ ቀጣዩን ዶዝ እጥፍ አታድርገው። አታቁም፣ የታዘዘልህን ቀን ጨርስ፣ 5 የሚያዝም አለ፣ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ 10 የሚያዝም አለ። በሁለት ሦስት ቀን ትኩሳቱ ካልወረደ መልሰህ አሳየው። ሰውነቱ ላይ ንብ የነደፈው የሚመስል ሽፍታ ከወጣ፣ ፊቱ ካበጠ ወይ መተንፈስ ካቃተው መድኃኒቱን አቁመህ፣ ከጆሮው ጀርባ አብጦ ሲነካ የሚያመው ከሆነም ሳታድር፣ ወደ ሆስፒታል።